ላለፈ ወሬ የሚከፈል ሂሳብ

ከቻትቦት ጋር የሚያወራ ሰው ቦቱ ቅድም የተባለውን የሚያስታውስ ይመስለዋል። አያስታውስም። ከጀርባ ያለው ሞዴል፣ ጂፒቲም ይሁን ክሎድ ወይም ጀሚናይ፣ አንድ መልስ ሰጥቶ እንደጨረሰ ስለ ደንበኛው የያዘው ነገር የለም። ደንበኛው ሁለተኛ ጥያቄ ሲጽፍ መተግበሪያው የመጀመሪያውን ጥያቄ፣ የተሰጠውን መልስና አዲሱን ጥያቄ አንድ ላይ አድርጎ ይልካል። በሦስተኛው ጊዜ ደግሞ ያንን ሁሉ ከነተጨማሪው። ነገሩ በየመስኮቱ አዲስ ጸሐፊ የሚያጋጥመውና ጉዳዩን ከሥር መሠረቱ የሚያስረዳ ባለጉዳይ ይመስላል፤ እዚህ ግን ለማስረዳቱም ይከፈላል። አንዳንድ አቅራቢዎች የንግግሩን ታሪክ በራሳችን ሰርቨር እናስቀምጥላችኋለን ይላሉ። ምቾቱ እውነት ነው፤ ሞዴሉ ታሪኩን ባነበበ ቁጥር ግን ሂሳቡ ይቆጠራል።

ሂሳቡ የሚቆጠረው በቶክን ነው። ቶክን ማለት ሞዴሉ ጽሑፍን ሲያነብ የሚከፋፍልበት ቁራጭ ነው፤ አንዳንዴ ሙሉ ቃል፣ አንዳንዴ የቃል ሽራፊ። በዚህ ላይ አማርኛ ዕድለኛ አይደለም። የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር ውስጥ ሲቀመጥ እያንዳንዱ ሆሄ 3 ባይት ይይዛል፤ የእንግሊዝኛ ፊደል የሚይዘው 1 ባይት ነው። ጽሑፉን የሚቆራርጠው ፕሮግራም የለመደውም በአብዛኛው እንግሊዝኛ ስለሆነ የተለመደን የእንግሊዝኛ ቃል እንደ አንድ ቶክን ሲያልፈው የእኛን ቃል ይፈጨዋል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ጨዋታ በአማርኛ ሲካሄድ ብዙ ቶክን ይበላል፤ ክፍያውም በዶላር ነው።

ጉዳዩን በአንድ ሱቅ እንየው። ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ቀሚስ የሚያሰፋ፣ ከዋሽንግተንና ከዱባይ ሳይቀር በቴሌግራም ትእዛዝ የሚቀበል ሱቅ አለ እንበል። ቦቱ ልክ ይቀበላል፣ ጥለት ያስመርጣል፣ ዋጋ ይነጋገራል። እንዲህ ያለ ንግግር አጭር አይሆንም፤ 40 ዙር እንስጠው፣ አንድ ዙር ማለት የደንበኛዋ መልእክትና የቦቱ መልስ ነው። ቦቱ እንዴት እንዲሠራ የሚነግረው ቋሚ መመሪያ 1,000 ቶክን ይሁን። ደንበኛዋ በአንድ ዙር 150 ቶክን ትጻፍ፣ ቦቱም 350 ይመልስ። በ40ው ዙር ሁለቱ የተለዋወጡት አዲስ ጽሑፍ ሲደመር 20,000 ቶክን ነው። ሞዴሉ እንዲያነብ የተላከለት ግን 436,000 ነው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያዋ «ሰላም፣ እንዴት ናችሁ» 40 ጊዜ ተልካለች። የሚነበብ አንድ ሚሊዮን ቶክን 3 ዶላር ነው ብለን ብናስብ አንድ መቶ ደንበኛ ለንባብ ብቻ 131 ዶላር ያስወጣል። ቦቱ ለሚጽፈው መልስ የሚከፈለው ከዚህ ውጭ ነው፤ ታሪኩን ብንቆርጠውም ባንቆርጠውም ስለማይለወጥ እንተወው።

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው መፍትሔ መቁረጥ ነው፦ የመጨረሻዎቹን 8 ዙሮች ብቻ መላክ፣ ከዚያ በፊት ያለውን መተው። በኮድ አንድ መስመር ነው። ሂሳቡም ከ131 ወደ 56 ዶላር ይወርዳል። ችግሩ በ12ኛው ዙር ይታያል። ደንበኛዋ ልኳን የሰጠችው በ3ኛው ዙር ነበር፤ አሁን ያ ዙር ለሞዴሉ አልተላከም። ቦቱ የታደለ እንደሆነ «ልክዎን ቢነግሩኝ» ብሎ እንደገና ይጠይቃል፤ ደንበኛዋ ትበሳጫለች፣ ትነግረዋለች፣ ያልፋል። ካልታደለ ግን አይጠይቅም። ደረትዎ 92 ነው ብሎ ሙሉ በሙሉ በራስ መተማመን ይቀጥላል። ቀሚሱ ተሰፍቶ፣ በአውሮፕላን ተልኮ፣ ለባሿ ጋ ደርሶ ነው ስህተቱ የሚታወቀው።

በነገራችን ላይ ሰዎች ቃል ለመቁረጥ ሲጣደፉ ፎቶውን ይረሱታል። የቀሚስ ደንበኛ ፎቶ ይልካል፣ ያውም ደጋግሞ። በአንትሮፒክ ስሌት 1,000 በ1,000 ፒክስል የሆነ አንድ ምስል ወደ 1,300 ቶክን ይሆናል፤ ከሁለት ሙሉ ዙር ወሬ ይበልጣል። ፎቶው በታሪኩ ውስጥ እስካለ ድረስ በየዙሩ አብሮ ይላካል። አንዴ ከታየና ከተነጋገሩበት በኋላ በአንድ መስመር ቢተካ፣ ለምሳሌ «ደንበኛዋ የላከችው ፎቶ፦ እጅጌው ረጅም፣ ጥለቱ በአንገትና በታች ጠርዝ ብቻ» ተብሎ፣ ማንም ሳይጎዳ ብዙ ይተርፋል። ቦቱ ከመጋዘን የሚያመጣው የዕቃ ዝርዝርም እንዲሁ ነው። እዚያ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ቦቱ ዝርዝሩን የጠየቀበት መልእክትና የመጣለት ውጤት ጥንድ ናቸው፣ አንዱን ጥሎ አንዱን ማስቀረት ኤፒአዩ ስህተት ብሎ እንዲመልሰው ያደርጋል። ውጤቱን ማሳጠር ይቻላል፤ ጥንዱን መነጠል ግን አይቻልም።

ሁለተኛው መንገድ መጠቅለል ነው። ታሪኩ ሲረዝም አሮጌው ክፍል ለሞዴሉ ይሰጥና ባጭሩ ጻፍልኝ ይባላል፤ ከዚያ በኋላ በየዙሩ የሚላከው መመሪያው፣ ማጠቃለያውና የቅርቡ ወሬ ነው።

```python
if count(history) >= 6000:
    old, recent = history[:-8], history[-8:]
    summary = summarize(summary, old)
    history = recent
```

በእኛ ሱቅ 6,000 ቶክን 12 ዙር ማለት ነው። እዚያ ሲደርስ የቆዩት 8 ዙሮች ተጠቅልለው 300 ቶክን ይሆናሉ፣ የቅርቦቹ 4 ዙሮች፣ ማለትም 8 መልእክቶች፣ እንዳሉ ይቆያሉ። በ40 ዙር ውስጥ ይህ 4 ጊዜ ይከናወናል። የመጠቅለያውን ሥራ ራሱን ጨምረን ብንቆጥር ለመቶ ደንበኛ 64 ዶላር ገደማ ይመጣል። ከደፈናው ቆረጣ በ8 ዶላር ይበልጣል፤ ቦቱ ግን የደረቱን ልክ ያውቃል። ማጠቃለያውን ረከስ ላለ ሞዴል መስጠትም ይቻላል።

ያውቃል ያልኩት ማጠቃለያው በትክክል ከተጻፈ ነው። «ያለፈውን ንግግር ባጭሩ ጻፍ» ተብሎ የታዘዘ ሞዴል ብዙውን ጊዜ የሚያመጣው ይህን የመሰለ ነገር ነው፦

«ደንበኛዋ የሀበሻ ቀሚስ ማዘዝ ትፈልጋለች። ስለ ልክ፣ ስለ ጥለት ቀለምና ስለ ዋጋ ተነጋግረናል። ለጥምቀት እንዲደርስላት ጠይቃለች።»

ለንባብ ይጥማል። ለልብስ ሰፊው ግን ምንም አይነግረውም። ሱቁ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ነው፦

«ደረት 96፣ ወገብ 78፣ ከትከሻ እስከ ታች 142 ሴንቲ ሜትር። ጥለት ሰማያዊ፤ መጀመሪያ ወርቃማ ብላ ነበር፣ ቀይራለች። የመስቀል ጥልፍ አትፈልግም። ዋጋ 16,500 ብር ተስማምተናል፤ መጀመሪያ 18,000 ተብሎ ነበር። ቀብድ 5,000 ብር ከፍላለች። ከጥር 8 በፊት እጇ መግባት አለበት። መልስ ያላገኘ ጥያቄ፦ ነጠላው ከዋጋው ውስጥ ነው ወይስ ለብቻው?»

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የርዝመት ብቻ አይደለም። ሁለተኛው የተገኘው ለሞዴሉ የተሰጠው ትእዛዝ ዝርዝር ስለሆነ ነው፦ ቁጥር እንዳለ ይገልበጥ፣ ሐሳብ ተቀይሮ እንደሆነ የመጨረሻው ይያዝ፣ «አልፈልግም» የተባለው ሁሉ ይጻፍ፣ ያልተዘጋ ጥያቄ ይመዝገብ። የማጠቃለያ ዋና በሽታ «አይ»ን መዋጥ ነው። ስለ መስቀል ጥልፍ ተነጋግረናል ተብሎ የተጻፈው ከሁለት ጥቅልል በኋላ «የመስቀል ጥልፍ» ሆኖ ይቀራል፤ ሰፊውም ይጠልፈዋል።

አገርኛ ወጥመድም አለ። ቶክን ለመቆጠብ ማጠቃለያውን በእንግሊዝኛ የሚያስጽፉ ባለሙያዎች አሉ፣ ሐሳቡም መጥፎ አይደለም፤ ደንበኛዋ አታየውም፣ ሞዴሉም ይገባዋል። ነገር ግን «ነገ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ደውሉልኝ» ያለችው ደንበኛ ሌሊት ሊደወልላት ነው ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት በፈረንጅ 9 ሰዓት መሆኑን ሞዴሉ አንዳንዴ ያስተውላል፣ አንዳንዴ ያልፈዋል። ደንበኛዋ የምትኖረው ዋሽንግተን ከሆነ ደግሞ የማን ሰዓት ነው የሚለው ጥያቄ ይጨመራል። «ነገ» የሚለውም ቃል ከሦስት ቀን በኋላ ማጠቃለያው ውስጥ ሲነበብ ሌላ ቀን ይሆናል። መፍትሔው ማጠቃለያው «ነገ» እንዳይል መከልከልና ቀኑን ከነአቆጣጠሩ፣ ሰዓቱን ከነከተማው እንዲጽፍ ማዘዝ ነው። ስምም በፊደሉ ይቆይ፤ በላቲን ተጽፎ ሲመለስ ፀሐይ ጸሀይ ትሆናለች፣ ከዚያ ከደረሰኙ ጋር አትገጥምም።

ይሁንና የተሻለ ትእዛዝም ቢጻፍ ማጠቃለያን ደጋግሞ ማጠቃለል መሸርሸሩ አይቀርም። አራተኛው ጥቅልል ዋናውን ወሬ አላየም፤ ያየው ሦስተኛውን ጥቅልል ነው። ስለዚህ ልክ፣ ዋጋ፣ ቀብድና ቀን ጭራሹን በማጠቃለያ ውስጥ ባይገቡ ይመረጣል። ሱቁ የትእዛዝ ቅጽ ይኑረው፦ ቦቱ አዲስ ልክ በሰማ ቁጥር ኮዱ ቅጹን ይሙላ፣ ቅጹም በየዙሩ ከደንበኛዋ አዲስ መልእክት ጋር አብሮ ይላክ። ቅጹ አይጠቀለልም፤ የሚታረመው ደንበኛዋ ስታርመው ብቻ ነው። ለማጠቃለያው የሚቀርለት ሥራ ቀላሉ ነው፦ ደንበኛዋ ለማን እንደምታሰፋ፣ ምን እንዳላስደሰታት፣ በምን ቋንቋ መነጋገር እንደምትመርጥ።

እስካሁን ያለው በ2023 ቢጻፍ ኖሮ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። በነሐሴ 2024 አንትሮፒክ፣ በጥቅምት ደግሞ ኦፕንኤአይ፣ ካሽ የሚባለውን ነገር ለኤፒአይ ደንበኞቻቸው አመጡ፤ ሂሳቡም ተገለበጠ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የሚላከው ጽሑፍ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከቀደመው ጋር ፊደል በፊደል አንድ ከሆነ፣ አንድ የሆነው ክፍል እንደ አዲስ አይነበብም፤ ከማቆያ ይነሳል። በአንትሮፒክ ዋጋ ከማቆያ የተነሳ ቶክን የመደበኛውን አንድ አስረኛ ያስከፍላል። መጀመሪያ ወደ ማቆያ ሲገባ ግን በ25 በመቶ ይወደዳል፣ ማቆያውም በመደበኛው ለ5 ደቂቃ ይኖራል፤ በተጠቀሙበት ቁጥር 5 ደቂቃው እንደገና ይጀምራል።

በዚህ ዋጋ ሱቃችንን እንደገና እናስላ። ታሪኩን ምንም ሳይቆርጡ 40ውንም ዙር እንዳለ በማቆያ መላክ ለመቶ ደንበኛ 20 ዶላር ይሆናል። ከ131 ወደ 20፣ ያለ ምንም መርሳት። የመጨረሻዎቹን 8 ዙሮች ብቻ የሚያስቀረው ቆረጣ በዚሁ ማቆያ ስንት ይመጣል? 62 ዶላር። ያለ ማቆያ ከነበረው 56 እንኳ ይበልጣል።

ምክንያቱ ቆረጣው ራሱ ነው። በየዙሩ ከላይ አንድ ዙር ሲጣል ከመመሪያው ቀጥሎ የሚመጣው ጽሑፍ ይለወጣል። መጀመሪያው ከተለወጠ ከእሱ በኋላ ያለው ሁሉ ለማቆያው አዲስ ነው፤ በየዙሩ ያው ወሬ በ25 በመቶ ጭማሪ እንደገና ይገባል። ገንዘብ ለመቆጠብ የተጻፈው መስመር ገንዘብ ያባክናል፣ ፕሮግራሙም ስህተት ሳያሳይ ይሠራል። የሚታወቀው ሂሳቡን በሚዘረዝረው መልስ ላይ ነው፦ በአንትሮፒክ ኤፒአይ `cache_read_input_tokens` የሚለው ቁጥር ንግግሩ ሲረዝም አብሮ ማደግ አለበት። ዜሮ ሆኖ ከቀረ ወይም ባለበት ከቆመ አንድ ነገር ከላይ እየተለወጠ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ቆረጣ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ መመሪያው አናት ላይ የተጻፈ «አሁን ሰዓቱ ይህ ነው» የሚል መስመር። ከላይ የትእዛዝ ቅጹ ከአዲሱ መልእክት ጋር ይላክ ያልኩትም ለዚህ ነው፤ የሚለዋወጥ ነገር ቦታው ከታች ነው።

ታዲያ መቁረጥም መጠቅለልም ይቅር? አይቅር፣ ይዘግይ። በአንድ ጊዜ ብዙ የሚጠቀልል አሠራር ማቆያውን የሚያፈርሰው በየ8 ዙሩ አንድ ጊዜ ነው። በ40 ዙር ሲሰላ ለመቶ ደንበኛ 24 ዶላር ገደማ ይሆናል፤ ምንም ካልቆረጠው ትንሽ ይበልጣል። ንግግሩ 100 ዙር ከደረሰ ግን ይገለበጣል፦ ያልተቆረጠው ወደ 95 ዶላር፣ የተጠቀለለው ወደ 65። ለሞዴሉም ረጅም ታሪክ መልካም አይደለም። ኔልሰን ሊዩና ባልደረቦቹ በ2023 ባወጡት ጥናት ሞዴሎች በረጅም ጽሑፍ መጀመሪያና መጨረሻ ያለውን መረጃ ከመሐል ካለው በተሻለ እንደሚያገኙ አሳይተዋል። በ100 ዙር ታሪክ መሐል የተነገረ ልክ ተቀብሮ ተልኮ እንኳ ሊስት ይችላል።

ደግሞ ይህ ሁሉ ስሌት ደንበኛዋ በ5 ደቂቃ ውስጥ መልስ ትሰጣለች ብሎ ያስባል። የቴሌግራም ደንበኛ እንዲህ አይደለችም። ስድስት ሰባት መልእክት ታከታትላለች፣ እህቷን ልትጠይቅ ትሄዳለች፣ ማታ ትመለሳለች። ያኔ ማቆያው ሞቷል። በእያንዳንዱ መልእክት መካከል እንዲህ የምትጠፋ ከሆነ ሙሉ ታሪክ በማቆያ መላክ ለመቶ ደንበኛ 164 ዶላር ያስወጣል፤ ማቆያ ጨርሶ ካልተጠቀመው ሱቅ የባሰ። በአንድ ትንፋሽ ተነጋግሮ ለሚጨርስ የባንክ ጥሪ ማዕከል የሚበጀው ለቀሚስ ሱቅ አይበጅም።

ከዚህ በመነሳት ለሱቁ የምመክረው መጠቅለያውን በመልእክት ብዛት ብቻ እንዳይወስነው ነው። ደንበኛዋ ከ5 ደቂቃ በላይ ዝም ስትል ማቆያው እንደሆነ ሄዷል፤ ታሪኩን መለወጥ ያኔ የሚያፈርሰው ነገር የለም። ስለዚህ ታሪኩ ረዝሞ እንደሆነ በዝምታው ጊዜ ይጠቅለል፣ ስትመለስ አጭሩ ይጠብቃት። እየተነጋገሩ ሳሉ ግን አይነካ፣ በጣም ካልረዘመ በስተቀር። ከአሥር ዙር ለማያልፍ ንግግር ደግሞ ምንም ዓይነት መቁረጫ አለመጻፍ ነው የሚሻለው፤ የሚያተርፈው ሳንቲም ለሚያመጣው ስህተት አይበቃም።

ቆረጣው ጉዳት ማድረስ አለማድረሱን ለማወቅ የተራቀቀ መለኪያ አያስፈልግም። ያለቁ ንግግሮችን ወስዶ አንዴ በሙሉ ታሪክ፣ አንዴ በተጠቀለለው መጨረሻቸው ላይ ማስቀመጥና ለሁለቱም ያንኑ ጥያቄ ማቅረብ ነው፦ ደረቷ ስንት ነው፣ ቀለሙ የቱ ነው፣ ስንት ቀብድ ከፈለች፣ ምን አልፈልግም አለች። መልሱ ከተለያየ ጥቅልሉ አጥፍቷል። ከሥራ በኋላ ደግሞ የተቀመጡትን መልእክቶች «ቅድም ነግሬህ ነበር»፣ «አልኩህ እኮ»፣ «ስንቴ ልንገርህ» ለሚሉ ቃላት መፈለግ። እነዚህ ቃላት ቆረጣው ከተጀመረበት ሳምንት ወዲህ ከበዙ የወጪ ሠንጠረዡ ምንም ያህል ቢያምር ቦቱ እየረሳ ነው።

የመጨረሻው ነገር ብዙ ጀማሪ የሚሳሳትበት ነው። የሚቆረጠውና የሚጠቀለለው ለሞዴሉ የሚላከው ቅጂ እንጂ የሱቁ መዝገብ አይደለም። እያንዳንዱ መልእክት ከነቀኑ በሱቁ ዳታቤዝ ውስጥ እንዳለ ይቀመጥ፤ ማስቀመጥ ርካሽ ነው። ደንበኛዋ «16,000 ነው የተባባልነው» ብላ ብትከራከር የሚከፈተው ማጠቃለያው ሳይሆን ዋናው መልእክት ነው።